በስልክ የማይነበበው የጢስ ዓባይ ካሮሴል

«ጋሼ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ለሚደረግ የአንድ ቀን ጉዞ ባለ ስድስት ስላይድ የኢንስታግራም ካሮሴል ሠርቼ ፋይሉን ልኬልዎታለሁ። አብዛኛው ሰው ከመጀመሪያው ስላይድ አያልፍም። ያለፉትም ስላይዶቹ አይገናኙም፣ ጽሑፉም አይነበብም ይሉኛል። በኮምፒውተሬ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከየቱ ልጀምር?»

ከፊደሉ መጠን ጀምር። ስፋቱ 1080 ፒክስል የሆነው ስላይድህ በኮምፒውተር ላይ ወደ 28 ሳንቲሜትር ሰፍቶ ቢታይህም፣ በስልክ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ሰባት ሳንቲሜትር እንኳን አይሞላም። አራተኛው ስላይድ ላይ በ26 ፒክስል የጻፍኸው ጽሑፍ እዚያ ሲደርስ ቁመቱ ከሁለት ሚሊሜትር በታች ነው። ፊደላችን ደግሞ ማነስን አይችልም። ሉ እና ሊ የሚለዩት በጎን የወጣችው ቅጥያ መሐል ላይ ወይም ግርጌ ላይ በመሆኗ ብቻ ነው፤ እሷ ከደበዘዘች አንባቢው ቃሉን በግምት ነው የሚያነበው።

ስለዚህ ዋናውን ጽሑፍ 44 ፒክስል አድርገው፤ ከዚያ በታች አትውረድ። ርእሱን ወደ 100 አሳድገው። ያን ጊዜ መነሻ ሰዓቱ፣ ዋጋው፣ ጫማው፣ ጀልባውና ምሳው በአንድ ስላይድ አይገቡም፤ መግባትም አልነበረባቸውም። አራተኛው ላይ ሰዓቱና ዋጋው ብቻ ይቅሩ። ጫማውና ጀልባው ወደ አምስተኛው ይለፉ፣ የቀረው ከምስሉ ሥር ባለው መግለጫ ይጻፍ።

ስላይዶቹ ያልተገናኙት ስድስት የተለያዩ ፋይሎች ላይ ስለሠራሃቸው ነው። ስፋቱ 6480፣ ቁመቱ 1350 ፒክስል የሆነ አንድ ረጅም ገጽ ክፈትና በየ1080 ፒክስሉ መቁረጫ መስመር አስምር። ግራ ጫፍ ላይ ጣናን፣ ቀኝ ጫፍ ላይ ፏፏቴውን አድርግና ዓባይን በአንድ ወፍራም ሰማያዊ መስመር ከዳር እስከ ዳር አሳልፈው። ወንዙ በእያንዳንዱ ስላይድ ቀኝ ጠርዝ ላይ ሳያልቅ ሲቆረጥ ጣት ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በመቁረጫው ላይ ፊደልም የሰው ፊትም አይረፍ። ቀኝ የላይኛውን ማዕዘንም ባዶ ተወው፤ የስላይድ ቁጥሩ እዚያ ይወጣበታል።

ፎቶዎችህን ሳይ ግን የከነከነኝ ሌላ ነው። ሁለተኛው ላይ ፏፏቴው የክረምት ሙላት ነው፤ አምስተኛው ላይ በበጋ ቀጥኖ ዓለቱ ተገልጧል። በቀለም ማስተካከያ አይታረቁም፤ ተጓዡንም ያሳስታሉ። ጉዞው በሚደረግበት ወቅት የተነሡትን ብቻ ተጠቀም።

ሁለተኛው ስላይድ ለብቻው ቢታይም ትርጉም ይኑረው፤ ኢንስታግራም መጀመሪያውን ዐይቶ ላለፈ ሰው አንዳንድ ጊዜ ሁለተኛውን መልሶ ያቀርብለታልና። አሁን ከፎቶው ሌላ ያለው «ይቀጥላል» የሚል ቃልና ቀስት ብቻ ነው። በምትኩ «ጢስ ዓባይ፣ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል» ብለህ ርቀቱን ጻፍበት።

ከመለጠፍህ በፊት የተቆረጡትን ምስሎች ወደ ስልክህ ላክና ደጅ፣ ፀሐይ ላይ፣ ክንድህን ዘርግተህ አንብባቸው። ዐይንህን ያስጨነቀህ ስላይድ ካለ ፊደሉን አታሳንስ፤ ከጽሑፉ ቀንስለት።