የጥቅምት ደመወዝ እስከ ሚያዝያ 30

«ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ኦፕሬተር ነኝ። ደመወዜ 6,000 ብር ነው፤ ወር በገባ በ30 ይከፈላል። የጥቅምት ጭራሽ አልተከፈለኝም። የኅዳር ግማሹን ሰጥተው ፔሮሉን በሙሉ አስፈረሙኝ። የታኅሣሥ ገባ። የጥርና የየካቲት የለም። አለቃችን ‹ትንሽ ታገሡ› ይለናል። ይኸው መጋቢት 25 ሆነ። ልጠብቅ ወይስ ትቼ ልሂድ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቀን እንቁጠር። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የሚቆጠረው ገንዘቡ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ለእያንዳንዱም ወር ለየብቻ። የጥር ደመወዝህ እስከ ሐምሌ 30 ጊዜ አለው። የጥቅምት ግን ሚያዝያ 30 ላይ ያበቃል። የቀረህ አንድ ወር ከምናምን ነው።

«ታገሡ» የሚል የቃል ተስፋ ይርጋውን አያቆምልህም። ስንቱ ልጅ በዚህ ተሸውዷል መሰለህ! የሚያቋርጠው ክስ መመሥረት፣ ሕጉን ለሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት ማመልከት፣ ወይም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ወይም ከፊሉን መክፈሉ ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ደብዳቤ ጻፍ። የጥቅምት 6,000፣ የኅዳር 3,000፣ የጥርና የየካቲት 12,000፣ በድምሩ 21,000 ብር ብለህ በየወሩ ዘርዝረው። በሁለት ኮፒ አድርገህ መዝገብ ቤት አስገባና አንዱ ላይ «ደርሷል» አስብለህ ማኅተም አስመታ። ዕዳውን የሚያምን መልስ በጽሑፍ ከሰጡህ ትልቅ ነገር ነው። በሳምንት ውስጥ ዝም ካሉህ ወደ ከተማው የሥራና ሥልጠና መሥሪያ ቤት ሂድ። እዚያም ከተጓተተ ሚያዝያ 30ን ሳታልፍ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ክሰስ። ለሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ የለበትም።

ያስፈራኝ የኅዳሩ ፔሮል ነው። ፊርማህ «6,000 ተቀብያለሁ» ይላል። ደመወዝህ በባንክ የሚገባ ከሆነ የሒሳብ መግለጫህን አውጣ፤ 3,000 ብቻ መግባቱን እሱ ይናገራል። በእጅ ከሆነ ግን አብረውህ የተቀበሉትን ምስክር መቁጠር ሊኖርብህ ነው። ከእንግዲህ ከፊርማህ ጎን በእጅህ የገባውን መጠን ጻፍበት። «አይጻፍም» ካሉህ አትፈርም።

ስለ መልቀቁ፣ አሠሪው መሠረታዊ ግዴታውን ደጋግሞ ካልተወጣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ዝም ብለህ ከቀረህ ግን «ጥሎን ጠፋ» ይሉሃል። ምክንያቱን በጽሑፍ አስገብተህ ውጣ። በዚህ መብት ለመጠቀም ያለህ ጊዜ ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካበቃ በኋላ 15 የሥራ ቀን ብቻ ስለሆነ፣ የመጋቢት ደመወዝህም ከቀረ ብዙ አትቆይ። ከለቀቅህ በኋላ ቀሪ ሒሳብህን በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መክፈል አለባቸው። ያለ በቂ ምክንያት ካዘገዩት ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝህ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊፈርድልህ ይችላል።