ትርፍ አለ፣ ካሽ ግን የለም፦ ቀኖቹን ቁጠሩ

የሒሳብ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆች አንድ ጉዳይ ላጫውታችሁ። ፒያሳ ሱቅ ያላት፣ ለቢሮዎች ወረቀትና የጽሕፈት መሣሪያ የምታቀርብ ነጋዴ መዝገቧን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ወረቀቱ ላይ ትርፍ አለ፣ ለሠራተኛ ደመወዝ ግን አጣሁ። ሰው እየሰረቀኝ ይሆን?» አለችኝ። ማንም አልሰረቃትም።

በዱቤ የምትሸጠው ለቀን ሲካፈል 40 ሺህ ብር ነው። ከደንበኞች ያልተሰበሰበው 3 ሚሊዮን ነበር። ስታካፍሉት 75 ቀን ይመጣል። የምትገዛው በቀን 30 ሺህ፣ ለመርካቶ አቅራቢዎቿ ያለባት ዕዳ ደግሞ 450 ሺህ ነው፤ ይሄ 15 ቀን ብቻ ነው። እንግዲህ የሸጠችበትን በ75 ቀን እየተቀበለች የገዛችበትን በ15 ቀን ትከፍላለች ማለት ነው። የመሃሉን 60 ቀን የምትሸፍነው በራሷ ገንዘብ ነው፣ እሱ ሲያልቅ በኦቨርድራፍት።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል። 60ውን ቀን በ40 ሺህ አባዝቶ 2.4 ሚሊዮን ይላል። አንዱ ቀን የሽያጭ፣ ሌላው የግዢ ስለሆነ ብሩ እኩል አይደለም። የታሰረው 3 ሚሊዮን ሲቀነስ 450 ሺህ፣ ማለትም 2.55 ሚሊዮን ነው። ተሰብሳቢው 15 በመቶ ቫት ካለበት ሽያጩንም ከነቫቱ ያዙ፣ አለዚያ ቀኑ ያለ አግባብ ይረዝማል።

እሷ ግን መፍትሔው ብዙ መሸጥ ነው ብላ ነበር። ቀኖቹ ሳይለወጡ ሽያጭም ግዢም በ20 በመቶ ቢያድጉ ተሰብሳቢው 600 ሺህ ሲጨምር የአቅራቢዎቹ ዕዳ 90 ሺህ ብቻ ይጨምራል። 510 ሺህ ብር ተጨማሪ ካሽ ከየት ይመጣል?

አማካይ ቀንም ይደብቃል። የተሰብሳቢውን ዝርዝር በደንበኛ ስንከፍለው 1.8 ሚሊዮኑ የአንድ መሥሪያ ቤት ሆኖ ተገኘ። ለእሱ የምትሸጠው በቀን 15 ሺህ ነው፣ ስለዚህ 120 ቀን ያስጠብቃታል። የቀሩት ደንበኞች ሁሉ በ48 ቀን ይከፍላሉ። እዚያ ለምን እንደሚዘገይ ለማወቅ ፋይሉን ይዘን ሄድን። ፋይናንስ ክፍሉ ንብረት ክፍል ዕቃውን መረከቡን የሚያረጋግጠውን ሞዴል 19 ቆርጦ ካልላከለት ክፍያ አይጀምርም፣ የእሷ ልጆች ደግሞ ዕቃውን አራግፈው ወረቀቱን ሳይቀበሉ ይመለሱ ነበር። ደረሰኙ ተቀምጦ ሞዴሉን ይጠብቃል።

ከዚያ ወዲህ ሞዴል 19 ሳይዝ ከግቢው የሚወጣ ልጅ የለም። 120ው ቀን ቀስ እያለ 80 ገባ። 40 ቀን በ15 ሺህ ሲባዛ 600 ሺህ ብር ነው፣ ባንክ ሳትለምን የገባላት። ለመርካቶዎቹ ደግሞ ከ15 ቀን ወደ 25 እንዲያራዝሙላት ጠየቀቻቸው። ሁለቱ እሺ አሏት፣ ሦስተኛው ግን ዋጋ እጨምራለሁ ስላለ የእሱን እንደ ድሮው በ15 ቀን መክፈሏን ቀጠለች።