ስድስት መቶ ዳቦ ከአንድ ምድጃ

«በቀን 200 ዳቦ ነበር የምጋግረው። አሁን 600 ታዘዝሁ፤ ሁሉንም በሦስት አባዝቼ ባቦካ መጨረሻ የሚወጣው ጠፍጣፋና ኮምጣጣ ሆነብኝ። ቦምቦሊኖም አለብኝ፤ ምን ላድርግ?»

እኔም ደብረ ማርቆስ ላይ ሥራዬን ሳሰፋ በዚሁ ተሰናክያለሁ። ሊጡ ሲባዛ ምድጃው አልተባዛም። ምድጃዎ በአንድ ዙር 150 ዳቦ የሚይዝ ከሆነና 600ውን በአንድ ጊዜ ካቦኩ፣ የመጨረሻው ዙር ከመጀመሪያው አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይቶ ስለሚገባ ኩፍ ማለት ካለበት በላይ ይላል። በጣት ጫን ሲያደርጉት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል፤ ጨርሶ ካልተመለሰ አልፎበታል።

ስለዚህ ስሌቱን ለ600 ሳይሆን ለአንድ ዙር ይሥሩት። ፉርኖ ዱቄቱን 100 ብለው ሌላውን ከእርሱ በመቶኛ ይጻፉ፤ የእኔው ውኃ 58፣ ጨው 2፣ ስኳር 2፣ ዘይት 2፣ ደረቅ እርሾ 1 ሲሆን ድምሩ 165 ነው። አንዱ ዳቦ በሊጥነቱ 100 ግራም ከሆነ ለ150 ዳቦ 15 ኪሎ ሊጥ ያስፈልጋል፤ ይህን ለ1.65 ሲያካፍሉ 9.1 ኪሎ ዱቄት ይመጣል። ማቡኪያው ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር 9.25 አደርገዋለሁ። ከዚያ ውኃው 5.4 ኪሎ ገደማ፣ ጨው፣ ስኳርና ዘይት እያንዳንዳቸው 185 ግራም፣ እርሾው 92 ግራም ይሆናል። ውኃውንም በሚዛን እንጂ በጣሳ አይስፈሩ።

ሰዓቱን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ዳቦው ጠዋት 12 ሰዓት እንዲያልቅና አንዱ ዙር ከነማስገቢያው ግማሽ ሰዓት እንዲወስድ ካሰብን፣ የመጀመሪያው ከሌሊቱ 10 ሰዓት መግባት አለበት። ለማቡካት 15፣ ለማሳረፍ 40፣ ለማድቦልቦል 30፣ ለመጨረሻው ኩፍታ 50 ደቂቃ ስንቀንስ የመጀመሪያው ሊጥ 7:45 ላይ ይቦካል፤ ቀጣዮቹ በ8:15፣ በ8:45 እና በ9:15። ከ8:40 ጀምሮ ሁለት ሰው ሳያቋርጥ ማድቦልቦል ይኖርበታል፤ አንድ ሰው ብቻውን 150ውን በ30 ደቂቃ አያደርሰውም፣ እኔ ሞክሬ አይቼዋለሁ።

ማቡኪያው ሲደጋገም ራሱ እየሞቀ ሊጡንም ያሞቀዋል። ስለዚህ በብርዱ ሌሊት የመጀመሪያውን በለብታ ውኃ ባቦካም ለኋለኞቹ ቀዝቃዛ እጠቀማለሁ። አራተኛው ሊጥ ከሌሎቹ ቀድሞ ኩፍ ካለብዎ በቅድሚያ ውኃውን ያቀዝቅዙ፤ እርሾ መቀነሱ የሚከተለው ያ ካልበቃ ብቻ ነው።

ቦምቦሊኖው የሚጠበሰው በዘይት ስለሆነ ምድጃውን አይሻማም፤ የሚሻማው እጅ ነው። የመጨረሻው ዳቦ ተድቦልቡሎ 10:40 ላይ ሲያልቅ ያቡኩት፣ ለጠዋቱ ሻይ ይደርሳል። ስኳሩ ከዱቄቱ 10 ከመቶ ገደማ ሲሆን እርሾውን ስለሚያዘገየው እርሾውን ወደ 1.5 ከፍ አደርጋለሁ። በጾም ቀን እንቁላሉን ሲያወጡ ሊጡ እንዳይደርቅ የክብደቱን ሦስት አራተኛ ያህል ውኃ ይተኩ፤ እንቁላል አብዛኛው ውኃ ነውና።