ሉፕ ካስገባሁ ወዲህ ደሜ በዛ፦ ጥያቄና መልስ

መልስ የምሰጠው እኔ በሰሜን ሸዋ አንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ዛሬ ማህፀን ውስጥ ስለሚቀመጠው የእርግዝና መከላከያ፣ ስለ መዳቡ ሉፕ ጠይቁኝ።

ካስገባሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ድሮ አምስት ቀን ነበር፣ በቀን ሦስት ሞዴስ። አሁን ሰባት ቀን፣ በቀን አራት። ላስወጣው? (ከደብረ ሲና)

መቁጠርሽ ጥሩ ነው። «በዛብኝ» ብቻ ብትይኝ የምልሽ አልነበረኝም። ድሮ 15 ሞዴስ፣ አሁን 28፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። መዳቡ የማህፀንን ውስጥ ያስቆጣዋል፣ ደሙም ቁርጠቱም የሚጠናው ለዚህ ነው። ብዙዎች ላይ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ይቀንሳል። በሚመጣው ወር ደሙ ሲበረታ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ከምግብ በኋላ ውሰጂ፣ ከአምስት ቀን አይለፍ። ጨጓራ ወይም የኩላሊት ችግር ካለብሽ ግን ሳትጠይቂ አትጀምሪ። ከስምንት ቀን ካለፈ ወይም እጥፉን ከዘለለ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ነይ።

እኔ አስፕሪን ነው የምውጠው፣ ቁርጠቱን ቀጥ ያደርገዋል።

ለቁርጠቱ ልክ ነሽ። ደሙን ግን ሊያበዛው ይችላል። ለሉፕ ደም አልመክረውም።

እኔም ክንዴ ላይ ካስቀበርኩ ሦስት ወር ደም አላየሁም። ሉፑ ነው?

ያንቺ ሉፕ አይደለም እህቴ። የክንዱ ሆርሞን አለው፣ ደም ማስቀረት ያውቅበታል። መዳቡ ሆርሞን የለውም። ሉፕ ያላት ሴት የወር አበባዋ ከቀረ ግን እርግዝና መኖሩን ማወቅ አለባት፤ ቶሎ ትምጣ።

ባለቤቴ ውሃ ቀድታ ስትመለስ አዞራት። ቀጠሮዋ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ጨርቅ ነው የምትጠቀመው፣ መጠኑን አላውቅም። (ከመሐል ሜዳ)

ወንድሜ፣ ቀጠሮውን ተወው፣ ነገ ይዘሃት ሂድ። የታችኛውን የዓይኗን ሽፋን ዝቅ አድርገህ ውስጡን እየው፤ ቀይ ሳይሆን የነጣ ከሆነ ደም አንሷታል ማለት ይሆናል። ባይነጣም ትመርመር። የአይረን ኪኒን ከተሰጣት ከቡና ጋር አትውሰደው፣ ቡናው አይረኑ እንዳይሠራ ያደርገዋል። (መንዝ ላይ ይህን ማለት ቀላል አይደለም፣ አውቃለሁ።) ጨርቁ በየሰዓቱ ጭምቅ እስኪል እየራሰ ሁለት ሰዓት ከቀጠለ ወይም ራሷን ከሳተች ሌሊትም ቢሆን አትጠብቅ። ትኩሳት፣ ክፉ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የማይለቅ የሆድ ሕመም፣ የሉፑ ክር መጥፋት ወይም መርዘም፣ ጠንካራ ፕላስቲክ በጣት መነካት፣ እነዚህም ቀጠሮ አይጠብቁም።

እኔ የደብረ ሲናዋ ነኝ። ስድስት ወር መታገስ ግዴታ ነው? እናቴ አስወጪው እያለች ነው።

ግዴታ አይደለም። በፈለግሽ ቀን ይወጣል፣ ማንም ሊከለክልሽ አይገባም። እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን አንድ ወር በአይቡፕሮፌኑ እሞክር ነበር፤ ሌላዋ ላታደርገው ትችላለች። ካስወጣሽ ግን በዚያው ቀን ሌላ መከላከያ ያዢ። የሚመጣው ወር ስንት ሞዴስ እንደሆነ ጻፊልኝ።