ፀሐዩ በርትቶ ውሃው የሚቀንስበት ከሰዓት፦ የፓነል ሙቀት በፓምፕ ስሌት ውስጥ

ጥያቄ፦ «አፋር ክልል፣ አሚባራ ውስጥ የሽንኩርት ማሳችንን የምናጠጣው በሶላር ፓምፕ ነው። ባለ 330 ዋት 15 ፓነሎች በአንድ መስመር በተከታታይ ተያይዘው በኢንቨርተር በኩል ባለ 4 ኪሎ ዋት ጠላቂ ፓምፕ ያንቀሳቅሳሉ። ፓነሎቹ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ናቸው፤ ከቆርቆሮው የሚለያቸው ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃው ጥሩ ነው፤ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ግን ፀሐዩ እሳት ሆኖ ሳለ ውሃው በግማሽ ይቀንሳል። የሸጠልን ሰው አቧራ ነው አለን። ስናጥባቸው በእርግጥ ለሩብ ሰዓት ያህል ይመለሳል፣ ከዚያ ደግሞ ይቀንሳል። ምን ብናደርግ ይሻላል?»

መልሱ ያለው በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ነው። ታጥቦ የሄደ አቧራ በሩብ ሰዓት ተመልሶ አይመጣም፤ በሩብ ሰዓት ተመልሶ የሚመጣው ሙቀት ነው። ውሃው ፓነሎቹን ያጸዳቸው ብቻ ሳይሆን ያበረዳቸው ስለሆነ፣ መስታወቱ ደርቆ እንደገና እስኪግል ድረስ ፓምፑ ጉልበቱን ያገኛል።

ፓነሉ ላይ ከሚያርፈው የፀሐይ ጉልበት የእርስዎ ዓይነት ፓነል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከመቶ 17 እጅ ያህሉን ነው፤ ከቀረው አብዛኛው እዚያው ሙቀት ይሆናል። በዚህም ምክንያት ብርቱ ፀሐይ ባለበት ጊዜ የሴሉ ሙቀት ከአየሩ ሙቀት በብዙ ይበልጣል። የሲሊከን ሴል ሲሞቅ የሚመነጨው ኤሌክትሪክ አምፔሩ እምብዛም አይለወጥም፣ እንዲያውም በጥቂቱ ይጨምራል። የሚወድቀው ቮልቴጁ ነው። ቮልቴጅ የሚገኘው በሴሉ ውስጥ ሁለቱ የሲሊከን ንብርብሮች በሚገናኙበት ቦታ ካለው የኤሌክትሪክ ግድብ ሲሆን፣ ሙቀት ሲጨምር ግድቡን ዘለው ወደ ኋላ የሚመለሱት ኤሌክትሮኖች ይበዛሉ። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ሴል በአንድ ዲግሪ ሁለት ሚሊቮልት ያህል ያጣል። ይህ ለአንድ ሴል ኢምንት ነው፤ በተከታታይ በተያያዙት 15 ፓነሎችዎ ውስጥ ግን ከአንድ ሺህ በላይ ሴሎች አሉ።

ከፓነሉ ጀርባ የተለጠፈው 330 ዋት የሚለው ቁጥር የተለካው ሴሉ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሆኖ፣ በካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን ሲያርፍበት ነው። አሚባራ ውስጥ በቀትር 25 ዲግሪ የሆነ ሴል ፈልገው አያገኙም። ስለዚህ ከጽሑፉ ላይ ሌሎች ሁለት ቁጥሮችን መፈለግ ያስፈልጋል። አንደኛው NOCT ተብሎ የሚጻፈው፣ ሴሉ አየሩ 20 ዲግሪ ሲሆን፣ ብርሃኑ 800 ዋት ሲሆንና ቀለል ያለ ነፋስ ሲኖር የሚደርስበት ሙቀት ነው፤ ብዙውን ጊዜ 45 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሁለተኛው የኃይል ቅነሳ መጠን ሲሆን፣ በእንደ እርስዎ ዓይነት ፓነሎች ላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከመቶ 0.40 ያህል ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦

```
Tc = Ta + (NOCT - 20) / 800 * G
Vmp_hot = Vmp * (1 - 0.0040 * (Tc - 25))
P_hot   = P * (G / 1000) * (1 - 0.0040 * (Tc - 25))
```

Ta በጥላ ውስጥ የሚለካው የአየር ሙቀት፣ G በፓነሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በካሬ ሜትር በዋት ሲቆጠር፣ Tc ደግሞ የሴሉ ሙቀት ነው። Vmp ፓነሉ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ የሚሰጠው ቮልቴጅ፣ P ደግሞ ከጀርባው የተጻፈው ዋት ነው። የVmp ቅነሳ ብዙውን ጊዜ በወረቀቱ ላይ ስለማይጻፍ የኃይሉን መጠን እጠቀማለሁ። አምፔሩ ብዙም ስለማይለወጥ፣ ኃይል የሚጠፋው በቮልቴጁ በኩል ስለሆነ ስሕተቱ ጥቂት ነው።

በእርስዎ አካባቢ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ከ20 ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ጠዋት 4 ሰዓት ተኩልና ከሰዓት 8 ሰዓት ከ10 በብርሃን ረገድ እኩያሞች ናቸው፤ ሁለቱንም በ880 ዋት እናስላቸው። ልዩነት ከታየ ልዩነቱ የሙቀት ነው ማለት ነው። ጠዋት አየሩ 32 ዲግሪ ቢሆንና ነፋስ ቢኖር ሴሉ 60 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ከሰዓት አየሩ 40 ዲግሪ ሲሆን ስሌቱ 67 ተኩል ይሰጣል። ይሁንና NOCT የሚለካው ከጀርባው አየር እንደልብ በሚዘዋወርበት ክፍት ማቆሚያ ላይ ነው፤ ሦስት ጣት ክፍተት ብቻ ባለው የጋለ ቆርቆሮ ላይ ነፋስ ሲጠፋ ቢያንስ 7 ዲግሪ እጨምራለሁ። ስለዚህ 75 ዲግሪ ብለን እንያዝ።

የፓነልዎ Vmp 37.5 ቮልት ከሆነ 15ቱ በ25 ዲግሪ 562 ቮልት ይሰጣሉ። በ60 ዲግሪ 484 ቮልት፣ በ75 ዲግሪ ደግሞ 450 ቮልት ይሆናሉ። ኃይሉም በዚሁ ልክ ይሄዳል፦ ለሽቦ፣ ለአቧራና ለኢንቨርተር ከመቶ 5 ብቀንስ ጠዋት 3.56 ኪሎ ዋት፣ ከሰዓት 3.3 ኪሎ ዋት ይደርሰዎታል። ልዩነቱ ከመቶ 7 ብቻ ነው። ታዲያ ውሃው ለምን በግማሽ ቀነሰ?

ብዙ የፓምፕ ገጣሚዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ኢንቨርተሩ ኃይል ሲያንሰው የሞተሩን ፍሪኩዌንሲ ይቀንሳል። የ4 ኪሎ ዋት ሞተር በ50 ሄርዝ ሲሠራ ከኢንቨርተሩ 5.1 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ በ3.56 ኪሎ ዋት ወደ 44.4 ሄርዝ፣ በ3.3 ኪሎ ዋት ወደ 43 ሄርዝ ገደማ ይወርዳል። አንድ ሄርዝ ተኩል የማይመስል ልዩነት ነው፤ ነገር ግን ፓምፕ ውሃን የሚገፋበት ከፍታ በፍሪኩዌንሲው ካሬ ይወርዳል። ፓምፕዎ በ50 ሄርዝ ቧንቧው ተዘግቶ እስከ 84 ሜትር የሚገፋ ነው እንበል። በ44.4 ሄርዝ 66 ሜትር፣ በ43 ሄርዝ ደግሞ 62 ሜትር ብቻ ይገፋል። ከጉድጓዱ የውሃ ወለል እስከ ታንከሩ 60 ሜትር ከሆነ፣ ውሃውን ለማንቀሳቀስ ጠዋት 6 ሜትር ተርፎ የነበረው ከሰዓት 2 ሜትር ብቻ ይሆናል። የሚወጣው ውሃ የሚከተለው ይህን ትርፍ እንጂ ጠቅላላውን ኃይል አይደለም፤ ስለዚህ በግማሽ መቀነሱ አያስገርምም። የጉድጓዱን ጥልቀትና የፓምፑን መግለጫ ስላልላኩልኝ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በራስዎ ይተኳቸው፤ ሒሳቡ ግን ያው ነው።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይህን ያረጋግጡ። የኢንቨርተሩን መስኮት በተጠቀሱት ሁለት ሰዓቶች አይተው የዲሲ ቮልቴጁን፣ የዲሲ አምፔሩንና ፍሪኩዌንሲውን ይጻፉ። አቧራ ብርሃንን ስለሚከለክል የሚቀንሰው አምፔሩን ነው፤ ሙቀት የሚቀንሰው ቮልቴጁን ነው። ከሰዓት ቮልቴጁ 20 ወይም 30 ቮልት ወርዶ አምፔሩ ከጠዋቱ ብዙ ካልራቀ ጥፋቱ የሙቀት ነው። ቮልቴጁ እንዳለ ሆኖ አምፔሩ ከወደቀ ግን ሻጭዎ ትክክል ነበሩ። የፓነሉን ሙቀት ለመለካት ቴርሞሜትሩን በመስታወቱ ላይ ሳይሆን ከጀርባው ያነጣጥሩ፤ መስታወቱ ሰማዩን እያንጸባረቀ ያሳስታል። በብርቱ ፀሐይ የሴሉ ሙቀት ከጀርባው በ3 ዲግሪ ያህል ይበልጣል። በነገራችን ላይ፣ በቀትር የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰሱን ይተዉት፤ አንድ ቀን ይሰነጥቀዋል። ማጠቢያው ሰዓት ማለዳ ነው።

ሙቀት መሆኑ ከተረጋገጠ ዋናው መፍትሔ በዚያው መስመር ላይ ሦስት ፓነሎች መጨመር ነው። ሦስት ፓነሎች በትይዩ ማያያዝ አይቻልም፣ ቮልቴጃቸው ከ15ቱ ጋር አይመጣጠንም። በተከታታይ ግን 18 ፓነሎች በ75 ዲግሪ 540 ቮልት ይሰጣሉ፤ ይህም ሞተሩ ለሚፈልገው 380 ቮልት የሚበቃው የዲሲ መጠን ነው። አሁን ያለዎት 450 ቮልት የሚያደርሰው ወደ 318 ቮልት ብቻ ነው፤ ዲዛይኑን የሠራው ሰው 562ቱን አይቶ ይበቃል ማለቱ ይመስለኛል። ከሰዓት የሚደርሰው ኃይል ወደ 3.97 ኪሎ ዋት፣ ፍሪኩዌንሲው ወደ 46 ሄርዝ ያድጋል፤ ፓምፑ 71 ሜትር ይገፋል፣ ትርፉም 11 ሜትር ይሆናል። ዛሬ ጠዋት ከሚያገኙት ይበልጣል።

ከ18 ለማለፍ ግን አይሞክሩ። ሙቀት ቮልቴጅን እንደሚቀንስ ሁሉ ብርድ ይጨምረዋል፤ ኢንቨርተርን የሚያቃጥለውም ይህ ነው። ፓምፑ ሳይነሳ በማለዳ የሚኖረው Voc፣ ማለትም ፓነሉ ምንም ሳይሳብበት የሚሰጠው ቮልቴጅ፣ ለአንድ ፓነል 45.6 ቮልት ከሆነ፣ 18ቱ በ25 ዲግሪ 821 ቮልት ናቸው። ሴሉ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ወደ 12 ዲግሪ ቢወርድ፣ Voc በአንድ ዲግሪ ከመቶ 0.31 ስለሚጨምር 854 ቮልት ይደርሳል። ኢንቨርተርዎ የሚችለው 900 ቮልት ከሆነ በደህና ያልፋል፤ 19 ፓነሎች ግን 901 ይሆናሉ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ወሰን 800 ወይም 850 ከሆነ 18ቱም አይፈቀድም፤ መጀመሪያ ያንን ያንብቡ።

የሚጨመሩት ፓነሎች Imp፣ ማለትም በሙሉ ኃይላቸው ሲሠሩ የሚሰጡት አምፔር፣ ከቀድሞዎቹ ያላነሰ መሆን አለበት፤ በተከታታይ መስመር ላይ ደካማው ፓነል የሌሎቹን አምፔር ወደ ራሱ ያወርዳል። ቢበልጥ አይጎዳም። ጣራው ሲነካ ደግሞ ክፍተቱን ወደ አንድ ስንዝር ከፍ ያድርጉት፤ የጨመርኩትን 7 ዲግሪ አብዛኛውን ያስወግዳል፣ ይኸውም ከመቶ 3 ያህል ኃይል ነው። ለዲዛይን የሚወሰደው የአየር ሙቀት የዓመቱ አማካይ ሳይሆን፣ በጣም በሚሞቀው ወር የከሰዓት በኋላው አማካይ ነው። ሥራው ሲጀመር ኢንቨርተሩ ጠፍቶ የዲሲ ማብሪያ ማጥፊያው መቆረጥ አለበት፤ የፓነል ማያያዣ ኤሌክትሪክ እየሄደበት ከተነቀለ በ500 ቮልት ዲሲ የሚነሳው ብልጭታ በቀላሉ አይቋረጥም፣ እጅን ያቃጥላል።