የረገበ ገመድና የጥሩንባ አፍ፦ ደረት ለክቶ ክብደት መገመት

ጥያቄ፦ «ሞጆ አካባቢ ሰንጋ አደልባለሁ። ግቢዬ ሚዛን የለም። የ60 ከብት ደረት ዙሪያ በሜትር ለክተን፣ ተበድረን ባመጣነው ሚዛን መዘንናቸው። ልጄ ኮምፒውተር ላይ ሪግሬሽን ሠርቶ ‹R² 0.95 ነው፣ ጥሩ ነው› አለኝ። ከሥር ያለው ሥዕል ግን ነጥቦቹ መሃል ላይ ዝቅ፣ ጫፍና ጫፍ ላይ ከፍ ያሉ ናቸው። ወደ ቀኝ ሲሄዱም ይበተናሉ። ስክሪኑን በስልክ አንስቼ ከልኬቶቹ ዝርዝር ጋር ልኬልዎታለሁ። በዚህ ቀመር ልግዛበት? ልሽጥበት?»

መልስ፦ እንደዚህ እንዳለ አይግዙበት፣ አይሽጡበትም። ልኬትዎ ግን ጥሩ ነው፤ የተበላሸው ቀመሩ ብቻ ነው። የሚስተካከለውም በግማሽ ሰዓት ነው።

መጀመሪያ ስለ ፎቶው ልበል። ስክሪን ከጎን ሲነሳ ለካሜራው የቀረበው ወገን ሰፍቶ ይታያል። በዚህ ብቻ ደህና ሥዕል ጥሩንባ ሊመስል ይችላል። ሰፊ የሚያሳይ ካሜራ ደግሞ ዳርና ዳሩን ያጎብጣል። ስለዚህ ነጥቦቹን ከማየቴ በፊት የዜሮዋን መስመርና የጀርባ መስመሮቹን አየሁ። የዜሮዋ መስመር ቀጥ ያለች ናት። በአግድም መስመሮቹ መካከል ያለው ርቀትም ግራና ቀኝ እኩል ነው። ካሜራው አላታለለንም ማለት ነው። እርግጠኛ ለመሆን በላኩልኝ ዝርዝር ራሴ ሠራሁት፤ ያው ቅርጽ ወጣ።

በሥዕሉ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ከብት ነው። የነጥቡ ከፍታ ሚዛኑ ያለው ሲቀነስ ቀመሩ ያለው ነው። ይህን «ቀሪ» እንበለው። ከዜሮ በላይ ያለ ከብት ቀመሩ ካለው በላይ ይመዝናል፤ ከዜሮ በታች ያለው ያንሳል። ቀመሩ ትክክል ከሆነ ነጥቦቹ በዜሮ መስመር ዙሪያ እንደተበተነ ጤፍ ወዲህም ወዲያም ይወድቃሉ፤ ምንም ቅርጽ አይሠሩም። የእርስዎ ሥዕል ግን ሁለት ቅርጽ አለው። ሁለቱ የተለያየ ችግር ስለሆኑ ለየብቻ እንያቸው።

የመጀመሪያው ርግበቱ ነው። ነጥቦቹ ጫፍና ጫፉ ታስሮ መሃሉ እንደረገበ ገመድ ናቸው። የልጅዎ ቀመር ይህ ነው፦

```
ክብደት = 4.2 × ደረት − 361
```

ይህ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ከ100 እስከ 180 ሴንቲ ሜትር ድረስ፣ በጥጃም ሆነ በሰንጋ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ሁልጊዜ 4.2 ኪሎ ነው ይላል። ከብት ግን እንዲህ አያድግም። ደረቱ ሲሰፋ ቁመናውም፣ ርዝመቱም፣ ጥልቀቱም አብረው ያድጋሉ። ደረት የሚለካው ዙሪያን ነው፤ ክብደት የሚመጣው ግን ከሙሉ አካሉ ይዘት ነው። ስለዚህ ትልቅ ከብት ላይ የምትጨመር አንዲት ሴንቲ ሜትር ከጥጃዋ ሴንቲ ሜትር እጅግ ትከብዳለች። በእርስዎ ዝርዝር 100 ሴንቲ ሜትር አካባቢ አንድ ሴንቲ ሜትር 2 ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። 180 አካባቢ ደግሞ 6 ኪሎ ተኩል ይደርሳል።

ቀጥ ያለ መስመር በጎበጠ ነገር ላይ ሲጫን መሃሉን ከላይ፣ ጫፎቹን ከታች ያልፋል። በእርስዎ ከብቶች 100 ሴንቲ ሜትር የሆኑት በአማካይ 80 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ቀመሩ 59 ይላል። 140 የሆኑት 206 ኪሎ ናቸው፤ ቀመሩ 227 ይላል። 180 የሆኑት 417 ኪሎ ናቸው፤ ቀመሩ 395 ይላል። ርግበቱ ይኸው ነው። ወይፈን በዚህ ቀመር ቢገዙ በሌለ 21 ኪሎ ይከፍላሉ። የደለበ ሰንጋ ቢሸጡበት 22 ኪሎ በነጻ ይሰጣሉ።

ቀመሩን ወደ ዳር ወስደው ቢፈትኑት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ደረቱ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥጃ ያስገቡበት። 4.2 በ80 ተባዝቶ 336 ነው፤ 361 ሲቀነስ ከዜሮ በታች 25 ኪሎ ይሆናል። ቆሞ የሚጠባ ጥጃ!

ከሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበኝ በድለባው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ እንዲህ ባለ ቀጥ ያለ መስመር የተሠራ ሠንጠረዥ ለአደላቢዎች አድለን ነበር። አንድ አደላቢ ሰንጋው ከ160 ወደ 168 ሴንቲ ሜትር ሲደርስለት ሠንጠረዡን አይቶ «መኖው አልያዘለትም» ብሎ ፋጉሎውን ቀነሰበት። በእርስዎ ቁጥሮች ብናሰላው መስመሩ 34 ኪሎ ጨመረ ይላል። እውነተኛው ጭማሪ 44 ኪሎ አካባቢ ነው። 10 ኪሎ ሥጋ በሠንጠረዥ ስህተት ጠፋ፤ ጥፋቱም በመኖው ተሳበበ። ያ ነገር እስካሁን ይቆጨኛል።

«ታዲያ 0.95 እንዴት ወጣ?» ይሉኝ ይሆናል። ያ ቁጥር የሚነግርዎት ከብቶቹ በክብደት ከሚለያዩበት ልዩነት መስመሩ ምን ያህሉን እንደያዘ ነው። እርስዎ ከጥጃ እስከ ሰንጋ ለክተዋል፤ ልዩነቱ ሰፊ ነው። በዚህ ስፋት ላይ የ20 ኪሎ ጉብጠት ትንሽ መስሎ ይሰወራል። አንድ በሬ ሲገዙ ግን 20 ኪሎ ትንሽ አይደለም። ስለዚህ እኔ ከ0.95 ይልቅ ከሥር ያለውን ሥዕል አምናለሁ።

ሁለተኛው ጥሩንባው ነው። ነጥቦቹ ግራ ላይ ተሰብስበው ቀኝ ላይ ይከፈታሉ። ይህ ብቻውን ቢሆን መስመሩን አያጣምመውም። የሚያበላሸው «ይህን ያህል ሊሳሳት ይችላል» የሚለውን ቁጥር ነው። የልጅዎ ስክሪን 27 ኪሎ ብሎ አንድ ቁጥር ለሁሉም ሰጥቷል። የርግበቱን ድርሻ አውጥቼ ሳየው ግን፣ 100 ሴንቲ ሜትር ያላቸው ከብቶች እርስ በርስ የሚለያዩት በ6 ኪሎ አካባቢ ነው። 180 ያላቸው በ33 ኪሎ ይለያያሉ። ለጥጃው 27 ከልክ በላይ ነው፤ ለሰንጋው አይበቃም። ትልቅ ገንዘብ የሚወጣው ደግሞ በሰንጋው ላይ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስህተቱ የሚያድገው ከአካሉ ጋር ነው። 6 ለ80፣ 33 ለ417፣ ሁለቱም 8 በመቶ አካባቢ ናቸው። ትልቅ ከብት ሆዱም ትልቅ ነው። ሆዱ ውስጥ ያለው መኖና ውኃ ብቻውን ከክብደቱ አሥረኛውን ሊይዝ፣ ሊበልጥም ይችላል። ሠላሳ ሊትር ውኃ ጠጥቶ ሚዛን ላይ የወጣ በሬ ሠላሳ ኪሎ ጨምሯል፤ ደረቱ ግን ያው ነው። ትልልቆቹ በሥጋቸውም ይለያያሉ። አንዱ ከሞፈር የተፈታ ከሲታ፣ ሌላው ሦስት ወር የተቀለበ ነው።

ጥሩንባ ሲያዩ ግን ነጥቦቹን ይቁጠሩ። ግራ በኩል አራት ጥጃ፣ ቀኝ በኩል አርባ በሬ ቢኖር ቀኙ በብዛቱ ብቻ የተበተነ ይመስላል። የእርስዎ ግራና ቀኝ በቁጥር ስለሚቀራረብ ጥሩንባው እውነተኛ ነው።

አሁን መፍትሔው። ሁለቱም ችግር ከአንድ ምንጭ ነው የመጣው፦ ከብት የሚያድገውም የሚለያየውም በመቶኛ እንጂ በቋሚ ኪሎ አይደለም። ስለዚህ ደረቱንም ክብደቱንም ወደ ሎጋሪዝም እንቀይራለን። ሎጋሪዝም ብዜትን ወደ መደመር ስለሚለውጥ የጎበጠው ይቃናል፤ ጥሩንባውም ይሰበሰባል። ልጅዎ በኤክሴል ደረትን A ላይ፣ ክብደትን B ላይ አድርጎ C2 እና D2 ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይጻፍና እስከ 61ኛው ረድፍ ያውርዳቸው። ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ከጎን ባዶ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋሉ፦

```
=LN(A2)
=LN(B2)
=SLOPE(D2:D61,C2:C61)
=INTERCEPT(D2:D61,C2:C61)
```

እኔ ስሠራው SLOPE 2.8፣ INTERCEPT −8.51 ወጣ። ክብደት ከደረት ጋር በ2.8 ኃይል ያድጋል ማለት ነው። ወደ ሦስት መቅረቡ የሚጠበቅ ነው፤ በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚያድግ አካል ክብደቱ በሦስት ኃይል ያድጋልና። በአዲስ ገጽ A2 ላይ የአዲሱን ከብት ደረት ሲጽፉ ክብደቱን የሚያወጣው ይህ ነው፦

```
=EXP(-8.51+2.8*LN(A2))
```

160 ቢያስገቡ 299 ኪሎ ይሰጣል። የድሮው ቀመር 311 ይል ነበር። ያ የ80 ሴንቲ ሜትር ጥጃም አሁን 43 ኪሎ ሆኗል።

ከዚህ በኋላ ልጅዎ የቀሪውን ሥዕል እንደገና ያውጣ፤ ያለዚያ መዳኑን አናውቅም። ይህኛው ቀሪ የሁለት ሎጋሪዝም ልዩነት ስለሆነ በመቶኛ ይነበባል፦ 0.08 ማለት ወደ 8 በመቶ ነው። እኔ ባወጣሁት ሥዕል ነጥቦቹ ከግራ እስከ ቀኝ እኩል ስፋት ባለው መቀነት ውስጥ ናቸው። ከብት ጨምረው ሲሠሩት ጥሩንባው ተገልብጦ ግራው ሰፍቶ ከታየ የጥጃዎቹን አለካክ ይጠርጥሩ። አንድ ሴንቲ ሜትር ስህተት 100 ሴንቲ ሜትር ጥጃ ላይ 2.8 በመቶ ያሳስታል፤ 180 ሴንቲ ሜትር ሰንጋ ላይ ግን 1.6 ብቻ ነው። ርግበቱ ከተመለሰ ደግሞ ዝርያ ተደባልቆ ይሆናል። ትንንሾቹ የአገር ዝርያ፣ ትልልቆቹ ዲቃላ ከሆኑ ሁለት የተለያየ መስመር አንድ የጎበጠ መስመር መስሎ ይታያል። ነጥቦቹን በዝርያ ቀለም ቢለዩዋቸው ወዲያው ይገለጣል። በእርስዎ ዝርዝር ዝርያ አልተጻፈም፤ ከዛሬ ጀምሮ ይጻፉት።

ሲለኩ ሜትሩ ከፊት እግሩ ኋላ፣ ከሻኛው ጀርባ ይዙር። ጠበቅ ይበል እንጂ ቆዳውን አይጭመቅ። ከብቱ በአራቱም እግሩ እኩል ይቁም፤ አንገቱንም አያዘቅዝቅ። ሚዛን ላይ የሚወጣውም ጠዋት ሳይበላ ሳይጠጣ ቢሆን ያ 8 በመቶ ራሱ ይቀንሳል። ከለኳቸው ሁሉ ትልቁ 182 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ የሚበልጥ ሰንጋ ሲገጥምዎት ቀመሩን ትተው ሚዛን ይፈልጉለት፤ ልኬቱንም ዝርዝሩ ላይ ይጨምሩት።