እንባው ሲመጣ ካሜራውን ምን እናድርገው?

ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከሰበታ፣ ከገላንና ከለገጣፎ የመጡ አጫጭር ቪዲዮ ሠሪዎች ስለ ሕመምና ስለ ለቅሶ ቀረጻ የጠየቁትና ዕድሜውን በኤዲቲንግ ያሳለፈ ባለሙያ የመለሰላቸው ነው።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ጋሼ፣ ሰው ጣቱን የሚያቆመው እንባ ሲያይ ነው። እንባውን ቆርጬ ካወጣሁት ማን ያየዋል?

ይቆማል፣ አልክድህም። «ወይኔ እናቴ» ብሎ ይጽፍና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሴትዮዋ ማን እንደሆነች፣ ምን እንደሚያስፈልጋት ብትጠይቀው አያውቅም፤ ያየው ፊት ብቻ ነውና።

እንባውን አውጣ አልልህም። ነገሩ ያለው የት ላይ እንደምትቆርጥ ነው። ሰው ሊያለቅስ ሲል መጀመሪያ ድምፁ ይሰበራል፣ ቀጥሎ አገጩ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ፊቱን ያዞራል ወይም በነጠላው ጫፍ ይሸፍናል። ሲሸፍን «አትዩኝ» እያለህ ነው። ስለዚህ ድምፁ ሲሰበር ምስሉን ወደ እጁ ውሰደው፤ ድምፁን ግን አትንካው፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ዝምታው ይቀጥል። ተመልካቹ ምን እንደተፈጠረ ይገባዋል፣ የተቀረጸውም ሰው ፊቱን በሰው ስልክ ላይ ተሸፍኖ አያገኘውም።

ስሎሞሽንና ወደ ዓይን የሚጠጋ ዙም ግን ከሰውየው ኀዘን ውስጥ የሉም፤ አንተ የጨመርካቸው ናቸው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሙዚቃውን አጥፋና ሾቱን እንደ ተቀረጸ፣ በራሱ ፍጥነት እየው። ምንም አዲስ ነገር ካልነገረህ ሥራውን ሲሠራ የነበረው ሙዚቃውና ስሎሞሽኑ ነው፤ ሾቱን አውጣው።

ከኮዬ ፈጬ፦ ኩላሊት እጥበት ላይ ያለች ጎረቤታችን የእርዳታ ቪዲዮ እንድንሠራላት ጠየቀችን። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፣ ሁለት ልጆች አሏት። በ75 ሰከንድ ምን እናሳይ?

መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ። እጥበት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜውም አራት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ነው። ከማሽኑ በወጣችበት ቀን ደክማ ትውላለች፤ ያን ጊዜ የሰጠችህን ፈቃድ እንደ ፈቃድ አትቁጠረው፤ «እሺ» የምትለው እንድትሄዱላት ሊሆን ይችላል። እጥበት በሌለባት ቀን፣ ጠዋት ሂዱ።

ሁለተኛ፣ ሕመሙ ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል ጠይቋት። የኩላሊት ሕመምተኛ ትልቁ የዕለት ትግል ብዙ ጊዜ ውሃ ነው፤ ኩላሊት ካላስወጣው ፈሳሽ በሰውነት ይጠራቀማልና ሐኪም የቀን መጠኑን ይወስንላታል። አንዳንዶች ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምረው ከዚያ አያልፉም። እሷም እንዲህ የምታደርግ ከሆነ ቪዲዮው ከዚያ ይጀምር።

የመጀመሪያው 6 ሰከንድ ሃይላንዱ ይሁን፤ ውሃው መስመሩ ላይ ሲደርስ እጇ ይቆማል። ሙዚቃ የለም፣ የውሃው ድምፅ ብቻ። ከዚያ እስከ 20ኛው ሰከንድ ደረጃው፦ አራተኛ ፎቅ ሊፍት የለውም፣ ስትወርድ የት ላይ እንደምታርፍ ከኋላዋ ሆናችሁ ያዙ፤ ትንፋሿ ይሰማ። ካሜራው ከትከሻዋ ከፍታ አይውጣ፤ ከላይ ወደ ታች ከተቀረጸች ታንሳለች። ከ20 እስከ 50 የራሷ ቃል ነው። «ምን ይሰማሻል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ያ ጥያቄ ማስለቀሻ ነው። «ቡና ሲፈላ ምን ታደርጊያለሽ?» በሏት። ምናልባት ሽታውን ብቻ ትጠግባለች፣ ምናልባት ከአቦሉ ግማሽ ሲኒ ትጠጣና የዕለቱን ውሃ ትቀንሳለች። የምትናገረው የምታውቀውን ነው፣ ተመልካቹም ቡና ያውቃል። ከ50 እስከ 62 ንጋት ላይ ወደ ታክሲ ስትሄድ። የቀረው 13 ሰከንድ ጽሑፍ ነው፦ ምን ያህል፣ ለምን፣ ማን ይይዘዋል።

አንድ ነገር አደራ። መርፌው በሚገባበት እጇ ላይ ደም ሥሩ ያበጠ ከሆነ ፊስቱላ የሚሉት፣ ለእጥበቱ ተብሎ በቀዶ ሕክምና የተገናኘ ደም ሥር ነው። በዚያ እጅ ከባድ ነገር አትሸከምም፣ የደም ግፊትም አይለካበትም። ለሾት ብላችሁ ጀሪካን አንሺ እንዳትሏት። እጁን ማሳየት ራሷ ከፈለገች ታሳይ፤ ካልፈለገች ነጠላው ይበቃል።

እጥበት ክፍሉ ውስጥስ ትሉኝ ይሆናል። አትግቡ። ጎን ለጎን ሌሎች ሰዎች ተኝተዋል፣ ማሽኑና የግድግዳው ወረቀት ላይ ስምና ቁጥር አለ። በሩ ላይ ስትገባ ይበቃል።

ከለገጣፎ፦ ፊቷን ካደበዘዝነው ፈቃድ አያስፈልግም አይደል? ማን እንደሆነች አይታወቅማ።

ግማሹ ልክ ነው፤ ማደበዘዝ የማያውቃትን ሰው ይከለክላል። የሚያውቃት ሰፈርተኛ ግን በድምፅዋ፣ በነጠላዋ፣ በደረጃው ቀለም፣ በልጇ ዩኒፎርም ይለያታል፤ ሐሜት የሚያመጣባትም እሱ ነው። ከዚህም በላይ ጭንቅላቷን ፈጠን አድርጋ ስታዞር ማደበዣው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሁለት ፍሬም ላይ ፊቷ ግልጽ ሆኖ ይወጣል፣ ቪዲዮውን ያቆመ ሰው ያገኘዋል። በፍሬም በፍሬም ሂዱና እዩት። ድምፅን ማወፈርም እንደዚያው ነው፤ በአፕ የወፈረ በአፕ ይቀጥናል።

መታወቅ ካልፈለገች ፊቷን ከመጀመሪያውም አትቅረጹ። መስኮቱን ከኋላዋ አድርጉና ጥላዋን፣ ወይም እጇን ብቻ ያዙ። የምትናገረውን ሌላ ሰው ያንብብላት፣ ሌላ ሰው እንዳነበበውም ጻፉ።

ፈቃዱ ሁለት ጊዜ ነው፦ ከቀረጻው በፊትና ያለቀውን ካየች በኋላ። ያለቀውን አሳይታችሁ ሁለት ሦስት ቀን ስጧት፤ ለባሏ ወይም ለእህቷ ታሳየው። «ይህቺን አውጡልኝ» ካለች ምክንያት አትጠይቁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ጥንቃቄ የሚሻ መረጃ ብሎታልና ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከሰበታ፦ እኔ የአጎቴን ለቅሶ ቀርጬ ሙሾው በንፋስ ተበላሸብኝ። ድምፁን እንዴት ላጥራው?

የዛሬው ጉዳያችን ሌላ ነበር፣ ግን ይጠቅማል። የንፋስ ጩኸት በብዛት ዝቅተኛው ድምፅ ላይ ስለሆነ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጥ፤ የሴት ድምፅ ብዙ አይጎዳም። ማይኩ የተደፈነበት ቦታ ግን አይመለስም፤ ድምፁን አጥፍተህ ምስሉን ብቻ ተወው። ለወደፊቱ ስልኩን ከድንኳኑ ሸራ ጀርባ፣ ነፋሱ ወደማይመጣበት ጎን አዙረው።

ካጠራኸው በኋላ ግን ግጥሙን አንድ በአንድ ስማው። አስለቃሽ የሟቹን ዕዳ፣ የወንድማማች ኩርፊያ፣ ያልታረቀውን ሰው በስም ታነሳለች። ያ ለድንኳኑ የተነገረ ነው። ለቤተሰብ ፍላሽ ላይ አስቀምጠው፤ ለሕዝብ ከሆነ ግን አስለቃሿንም ቤተሰቡንም ጠይቅ።

*ከገላን የመጣችው አቋረጠች፦* እኔ ከአርባው በፊት ምንም መልቀቅ ነውር ነው ባይ ነኝ።

*ከሰበታ፦* ውጭ ያሉት ልጆቹ በቀጥታ ባያዩት ኖሮ ቀብሩን እንዴት ይደርሱ ነበር?

ሁለታችሁም የምትሉት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ለልጆቹ በዝግ ግሩፕ ማስተላለፍ አንድ ነው፣ ለማንም ክፍት ማድረግ ሌላ። ክፍቱን በተመለከተ ግን ቀን ልቆርጥላችሁ አልችልም። በሠልስቱ «ይታይልን» ያለ ቤተሰብ አለ፣ ሙት ዓመት አልፎም ያልቻለ አለ።

ከኮዬ ፈጬ፦ ዋሽንት ላድርግበት ወይስ ክራር?

ንግግሯ ስር ምንም። ዋሽንት ገና ሲጀምር ተመልካቹ «አሁን አልቅስ» ተብሎ እንደታዘዘ ያውቃል። ደረጃው ላይ የግድ ካስፈለገህ ከድምፅዋ 20 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርገውና መናገር ከመጀመሯ በፊት ይቁም። ከቤቷ ከመውጣትህ በፊት ደግሞ ማንም ሳይናገር 30 ሰከንድ የክፍሉን ዝምታ ቅዳ። የፍሪጁ እዝዝታ፣ የውጭ ልጆች ጫጫታ ይኖርበታል፤ ስትቆርጥ ለሚፈጠረው ክፍተት መሙያ እሱ ነው፣ ሙዚቃ እንድትፈልግም አያደርግህም።

ከገላን፦ የሕመምተኛዋ ትንሹ ልጅ «እማዬ ትሞታለች?» ሲል ተቀርጿል። እናቱ ይግባ ብላለች። አይግባ?

እኔ አላስገባውም። ልጁ ስምንት ዓመቱ ከሆነ የዛሬ አምስት ዓመት ያንን ቪዲዮ ክፍል ውስጥ ያሳዩታል። እናቱ ዛሬ የምታስበው ገንዘቡን ነው፤ ልክ ናት፣ ግን በዚያ ቀን የሚሳቀቀው እሱ ነው። የልጁን ጫማ በሩ ላይ አሳዩ፣ ልጅ እንዳላት ይታወቃል።

*ከቱሉ ዲምቱ፦* ጋሼ፣ ገንዘቡ ሳይሞላ ቢቀርና ብትሞትስ? ያ ሾት ያድናት ነበር ብንልስ?

መልስ የለኝም። ሾቱን የማላስገባው ግን እሱንም እያወቅሁ ነው።

ከለገጣፎ፦ ከለቀቅነው በኋላ ሌላ ሰው ወስዶ የራሱን የባንክ ቁጥር ቢያደርግበትስ?

ይደረጋል፣ ስለዚህ ቁጥሩን ካፕሽን ላይ አትተዉት። ካፕሽን ሼር ሲደረግ ይቀራል ወይም ይቀየራል። ቁጥሩንና የሂሳቡን ባለቤት ስም ምስሉ ላይ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ከመሃል ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ አትሙት፤ ጥግ ላይ ከሆነ ቆርጠው ያወጡታል። የእድሯ ሊቀመንበር ወይም ሌላ የሚታመን ሰው ፈቅዶ ስልኩን ይስጥ፣ የሚጠራጠር ይደውል። «እስከዚህ ቀን» የሚልም ይጨመር።

ገንዘቡ ሲሞላ ወይም ብታርፍ፣ በዚያው ቀን ቁጥሩ ያለበትን አውርዱና ቤተሰቡን ጠይቁ፤ እንዲቆይ ከፈለጉ ቁጥር የሌለበትን መልሱት። ሁለቱን ቅጂ፣ ቁጥር ያለውንና የሌለውን፣ ከመጀመሪያው ለይታችሁ ኤክስፖርት አድርጋችሁ አስቀምጡ። በለቅሶ መሃል ፕሮጀክት ከፍቶ ጽሑፍ የሚፍቅ ሰው አይገኝም።